«ሽቦው ይገዛ» ተባለ፤ ማን ይግዛው? ስለ ፕሮጀክት ቃለ ጉባኤ የከፈትኩት ክር

ክሩን በውይይት መድረኩ ላይ የከፈትኩት መስከረም 9 ቀን ማታ ነው። ከስብሰባ እንደተመለስኩ፣ ገና ሳልረጋጋ ጻፍኩት። እስካሁን 25 መልስ መጥቶበታል። ረጅም ስለሆነ፣ መሀል ላይም ወደ ሌላ ወሬ ስለሚሄድ፣ ያለውን በራሴ አፍ ላውጋችሁ። መጨረሻ አካባቢ ናሙናውንም አስቀምጣለሁ።

የምሠራው ጅማ ዙሪያ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ነው። የፕሮጀክቱ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። ፕሮጀክታችን ትንሽ ነው። 40 የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ እንጨቱን አቁመን በሽቦ ሸፍነን፣ ለቀማው ሳይጀመር ማዘጋጀት አለብን። እኛ አካባቢ የመጀመሪያው ቀይ ቡና ጥቅምት 10 ገደማ ይገባል። ቡናው ከመጣ በኋላ አልጋ የለም ማለት አይቻልም። መሬት ላይ ከተሰጣ አፈር ይሸታል፤ ዋጋው ይወርዳል።

ነሐሴ 16 ቀን ተሰብስበን ነበር። ያን ቀን የጻፍኩት ውሳኔ እንዲህ ይላል፦

«የአልጋዎቹ ሥራ ከለቀማው በፊት እንዲጠናቀቅ፣ ሽቦውም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲገዛ፣ የሚመለከታቸው አካላትም ተገቢውን ክትትል እንዲያደርጉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ልክ በ4 ሳምንቱ፣ መስከረም 9 ቀን፣ እንደገና ተሰበሰብን። የባሕር ዛፉ እንጨት ቆሟል፤ ሽቦ የለም። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ግዢ ክፍል ይገዛዋል ብላ ትጠብቅ ነበር። የግዢ ሠራተኛዋ ስንት ጥቅል እንደሚያስፈልግ የሚነግራቸው አጡ። የግብርና ባለሙያው ማንም ለኩ ያላቸው የለም። የአናጺዎቹ ኃላፊ ሽቦ እስኪመጣ ሰዎቻቸውን ወደ ሌላ ሥራ ልከዋል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ቃለ ጉባኤው ይነበብ ተባለ። አነበብኩት። ማንም ላይ አልደረሰም። ሁሉም ነጻ ወጣ።

ጥያቄዬም ይኸው ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ምን ጎደለው? እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጽፉት ነበር?

መልስ 1 እና 2 ፈጥነው የመጡና የጨዋ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው አይዞሽ ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ ሊልክልኝ ቃል ገባ። ሁለተኛዋ ቅጹን ለእሷም እንዲልክላት ጠየቀች። ቅጹ በኋላ መጣ። አርማ፣ የማኅተም ቦታና የተሰብሳቢዎች ፊርማ ረድፍ አለው። ውሳኔ የሚለው ሥር ግን ባዶ ሰፊ ቦታ ብቻ ነው። የእኔ ችግር ያለው ደግሞ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

መልስ 3 በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። ረጅሙን ቃለ ጉባኤ ጨርሼ እንድተወው መከረኝ። ሥራው፣ ባለቤቱ፣ ቀኑ፣ የደረሰበት ደረጃ፤ አራት ረድፍ ሠርቼ በቴሌግራም ግሩፕ እንድለቀው፣ ሌላው ሁሉ የወረቀት ብክነት እንደሆነ ጻፈ። ሲነበብ ደስ ይላል። ግማሹ ልክ መሆኑን በኋላ አንድ የሒሳብ ሰው አሳዩን፤ እመለስበታለሁ።

መልስ 4 ላይ አንድ አባት ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረዱት። የመሬት ድንበር ክርክር አለባቸው፤ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ፍርድ ቤት በማስረጃነት ይቀበል እንደሆነ ጠየቁ። 5 እና 6 እሳቸውን ለመርዳት ተነሱና እርስ በርስ ተቃረኑ። ጉዳያቸው ከባድ ስለሆነ የራሳቸውን ክር ቢከፍቱ የሚያውቅ ሰው እንደሚያገኙ በትሕትና ጻፍኩላቸው። ቅር እንዳላቸው ይታወቃል። አሁንም ይቅርታ እላቸዋለሁ።

ከዚያ 7 መጣ። እኚህ ሰው በጅማና በኢሉባቦር ገጠር ውኃ ፕሮጀክቶች ላይ ብዙ ዓመት እንደሠሩ ጻፉ። ስለ ቅጽ ምንም አላሉም። ቀጥታ ወደ ግሶቼ ገቡ።

እንዲጠናቀቅ፣ እንዲገዛ። ሁለቱም ውስጥ አድራጊ የለም። እንዲያደርጉ የሚለው ብቻ አድራጊ አለው፤ እሱም የሚመለከታቸው አካላት ነው። በስብሰባ ላይ የሚመለከተው ማን ነው ቢባል ደግሞ ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። እንዲህ የምንጽፈው በስንፍና እንዳልሆነም አስረዱ። በታላላቆች ፊት አንድን ሰው በስም ጠርቶ አንተ ታደርጋለህ ማለት ድፍረት ይመስላል፤ ይደረግ ማለት ማንንም አያስቀይምም። አከብረዋለሁ፣ ግን ወረቀቱ ላይ አይሠራም ነው ያሉት። ስሙን አቶ ወይም ወይዘሮ ብሎ በአንቱታ መጻፍ ይቻላል። ይለካሉ፣ ይገዛሉ፣ ያስረክባሉ። አክብሮቱ አይጎድልም፤ ሰውየውም አይጠፋም።

ሁለተኛው ነጥባቸው የበለጠ ገረመኝ። እኔ አንድ ውሳኔ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ውሳኔና ሥራ ተደባልቀውብሻል አሉ። ውሳኔ ክርክሩን የሚዘጋው ነው፦ አልጋው በሽቦ ይሸፈናል፣ 40ውም ይሸፈናል፣ ከለቀማ በፊት ይደርሳል። ሥራ ግን አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ የሚያደርገው ነገር ነው። በእኔ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ውሳኔው አለ፤ ሰኞ ጠዋት የሚደረገው ነገር የለም። ከዚያ የአልጋዎቹን ልክ ጠየቁኝ።

መልስ 8 የእኔ ነው። እያንዳንዱ አልጋ ቁመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 እንደሆነ፣ የምንገዛው ሽቦም በዚያው ወርድ በ30 ሜትር ጥቅል እንደሚሸጥ ነገርኳቸው።

በ9 ላይ ሒሳቡን አብረን ሠራን። አንድ ጥቅል 3 አልጋ ያለብሳል። 13 ጥቅል 39 አልጋ ነው፤ ለ40ኛው ሌላ ጥቅል ስለሚያስፈልግ 14 ይሆናል። እስከዚህ ማንም ያሰላዋል። ቀጥለው ግን የጠየቁኝ ጥያቄ ዝም አሰኘኝ፦ 10 ሜትር የሚለው ፕላኑ ላይ ያለው ነው ወይስ የቆመው አልጋ? አናጺ እንጨቱን እንዳገኘው ነው የሚቆርጠው። አንድ አልጋ 10 ሜትር ከ20 ሳንቲም ከወጣ፣ ከአንድ ጥቅል 3 ሳይሆን 2 አልጋ ብቻ ይወጣል። የቀረው 9 ሜትር ከ60 ለሌላ ሙሉ አልጋ አይበቃም። ስለዚህ ከግዢው በፊት መለካት የሚባል ሥራ አለ። በእኔ ቃለ ጉባኤ ላይ ያ ሥራ በስሙ እንኳ አልተጠራም። የግዢ ሠራተኛዋ 4 ሳምንት ሙሉ የጠበቁት እሱን ነበር።

ይህን ሳነብ ነሐሴ ላይ የተቀመጥንበት ክፍል ትዝ አለኝ። ሽቦው እንዲገዛ ሲባል ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ቃል በስተጀርባ መለካት፣ ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ አሸናፊ መምረጥ፣ ገዝቶ ማስረከብና መግጠም እንዳሉ ማናችንም አልዘረዘርንም።

መልስ 10 ላይ አንዲት የፕሮጀክት አስተባባሪ መጡ። በ7 ቢስማሙም ለአንድ ሥራ አንድ ስም ብቻ መጻፉን ግን አልተቀበሉትም። እሳቸው ጋ የሥራው ባለቤት ታሞ ሥራው ሁለት ሳምንት ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ስም ይጽፋሉ። በ11 ላይ ባለውኃው ሰው ተመለሱ። ሁለት ስም ሲጻፍ አንዱ ሌላውን እንደሚጠብቅ፣ ሥራው ሲቀርም ሁለቱም እሱ መስሎኝ እንደሚሉ ጻፉ። ባለቤት አንድ ይሁን፤ ረዳት ካለ ከሥሩ ረዳት ተብሎ ይጻፍ። የታመመ ባለቤት ቀኑ ሳይደርስ ለሰብሳቢው ይነግራል፤ ሰብሳቢው ይተካዋል። በ12 ላይ ሴትየዋ የታመመ ሰው ስልክ ያነሳ ይመስል ነው የምታወሩት ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። እኔ በአንድ ስም እየሞከርኩ ነው፤ ስለ ሕመሙ ግን ማንም የሚያጠግብ መልስ አልሰጣቸውም።

13 የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። መጀመሪያ ወደ 3ኛው ልጅ ዞሩ። ረድፉ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ኦዲተር ሲመጣ ያ ረድፍ ገንዘቡ ለምን እንደወጣ አይናገርም። ማን ፈቀደ፣ ስንት ብር ድረስ፣ ስንት አባል በተገኘበት፣ በምን ምክንያት። ይህ በተፈረመ ቃለ ጉባኤ ላይ ከሌለ ግዢውን የፈጸመችው ሠራተኛ ብቻዋን ትጠየቃለች። ስለዚህ ሁለቱም ይያዙ፦ የተፈረመው ወረቀት ለፋይል፣ የሥራው ዝርዝር ከእሱ ተገልብጦ ለግሩፑ። ልጁም ወዲያው ተቀበለና ይህን እንዳላሰበው ጻፈ። እንዲህ ያለ መልስ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ቀጥለው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የሚለውን አነሱ። ከነሐሴ 16 የተቆጠረ አንድ ወር መቼ ያልቃል? ጳጉሜን እንዳልነበረች ቢቆጠር መስከረም 16 ነው። 30 ቀን ተብሎ ቢቆጠር ግን 5ቱ የጳጉሜ ቀናት ስለሚገቡ መስከረም 11 ላይ ያልቃል። የ5 ቀን ልዩነት! ቤት የሚያከራይ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል አሉ። እኔም በማግስቱ የግዢ ሠራተኛዋንና ሰብሳቢውን ለየብቻ ጠየቅኳቸው። አንዳቸው 16፣ አንዳቸው 11 አሉኝ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ይዘን ነበር።

በ14 ላይ ከውጭ ረጂ ጋር የሚሠራ ሰው ሌላ አደጋ ጨመረ። 12/01/2018 ብሎ ጽፎ ልኮ ነበር፤ መስከረም 12 ማለቱ ነው። እነሱ በጎርጎርዮሳዊው አነበቡትና የሆነ ያለፈ የጥር ቀን መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ወሩን በስሙ፣ ዕለቱንም ጨምሮ ይጽፋል፤ ለውጭ ሰው ሲሆን ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሰዓትም እንደዚያው ነው። 8 ሰዓት ብለን ስንጽፍ እኛ ከምሳ በኋላ ማለታችን ነው፤ ውጭ ያለው ሰው ግን ጠዋት ይመስለዋል።

15 ኃይለ ቃል ይዞ መጣ። ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ ነው፣ ሰው የማይሠራው አበል ስለሌለው ነው፣ ጸሐፊ ፖሊስ አይደለችም አለ። ጨምሮም ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ስብሰባው ላይ ማን ይገዛዋል ብዬ እጄን አውጥቼ መጠየቅ ሲገባኝ ዝም ብዬ እንደጻፍኩ ተናገረ። አመመኝ። 16 ለእኔ ተቆርቁራ መለሰችለት፤ ከሚገባው በላይ ጠንክራ ነው የጻፈችው። 17 ላይ የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሁላችንንም ረጋ እንድንል ጠየቀን።

አድሬ ሳስበው በአንዱ ነገር ትክክል ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስሙ ሲጎድል ማቋረጥና መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ የሚጽፈው የለውም። በአበሉ ግን አልስማማም። የግዢ ሠራተኛዋ ደመወዝተኛ ናቸው፤ የጠበቁትም ገንዘብ ሳይሆን የጥቅል ቁጥር ነው።

18 ላይ ጅማ ሄርማታ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የእድር ጸሐፊ ገቡ። የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው። እድራቸው ውስጥ የድንኳኑ ቀዳዳ ይጠገን ተብሎ በመዝገብ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ሦስቱንም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በሐምሌ አንድ ለቅሶ ደረሰና ዝናቡ በሐዘንተኞቹ ላይ ወረደ። ባለቤቷ የሞተባት ሴት በእርጥብ ነጠላ ተቀምጣ ማየታቸውን እስከ ዛሬ እንዳልረሱት ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ከመበተኑ በፊት የተጻፈው በሙሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስሙ የተጠራ ሰው አዎ፣ ቀኑ ይበቃኛል ይላል፤ ካልበቃው እዚያው ይናገራል። ሳይነበብ ጸሎት አይደረግም። የሚወስደው 5 ደቂቃ ነው።

እኔ ከዚህ ክር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ ብባል ይህን ነው የምወስደው።

እኚሁ አባት በመጨረሻ ጉባኤ በአልፋው ኤ እንጂ በዓይኑ ዔ እንደማይጻፍ፣ ቃሉ ገብአ ከሚለው ግእዝ እንደመጣ አረሙን። 19 እና 20 ይህን ይዘው ስለ ፊደል ረጅም ወግ ጀመሩ። ደስ የሚል ወግ ነው፤ ስለ ሽቦው ግን የሚለው የለም።

21 ከአጋሮ ነው። ሁላችንም ያለፍነውን አነሳ። የአናጺዎቹ ኃላፊ ምን ቋንቋ ነው የሚናገሩት ብሎ ጠየቀኝ። ኦሮምኛ ነው የሚቀናቸው። ቃለ ጉባኤው ግን በአማርኛ ተነቦ ይፈርማሉ። እሱ ጋ አንድ ሰው ምን እንደተሰጠው ሳይገባው ፈርሞ፣ በኋላ ሥራውን አልሠራህም ተብሎ ተከሷል። ስለዚህ ተነቦ ሲያበቃ የእያንዳንዱን ድርሻ በገዛ ቋንቋው መንገር፣ እሱም በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ማድረግ ይገባል። በሁለት ቋንቋ ከተጻፈስ የትኛው ይጸናል? እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። እሱ ቢሮው የሚሠራበት ቋንቋ ይላል፤ የሒሳብ ባለሙያዋ ደግሞ የተፈረመበት ወረቀት ይላሉ። አልተቋጨም።

እሑድ ማታ የመስከረም 9ኙን ቃለ ጉባኤ በአዲሱ መንገድ ልጽፈው ስጀምር፣ ባለውኃው ሰው በ22 ላይ አስቆሙኝ። ስብሰባው ላይ ለአቶ እገሌ ያልተሰጠን ሥራ በኋላ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ልትሰጫቸው አትችይም። ቃለ ጉባኤ የተባለውን ይይዛል፤ መባል የነበረበትን አይጨምርም። ሰዎቹን መልሰሽ ሰብስቢ፤ 25 ደቂቃ ይበቃል። ሰብሳቢውን ደውዬ ለመንኳቸው። ሰኞ ተሰበሰብን። በማግስቱ ረቂቁን በ23 ላይ ለጠፍኩ። ስሞቹን በፊደል አሳጥሬያለሁ፤ ዋናው ላይ ሙሉ ስም አለ።

የቡና ማድረቂያ አልጋ ፕሮጀክት ቃለ ጉባኤ፣ ቁጥር 7
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡00 እስከ 8፡25
የተገኙ፦ አቶ መ. (ሰብሳቢ)፣ አቶ ከ. (የግብርና ባለሙያ)፣ ወ/ሮ ዘ. (ግዢ)፣ ወ/ት ሐ. (ንብረት ክፍል)፣ አቶ ተ. (የአናጺዎች ኃላፊ)፣ ጸሐፊ
ያልተገኘ፦ የለም
አጀንዳ፦ ሽቦው ያልተገዛበት ምክንያትና የቀረው ሥራ
የተደረሰበት፦ አልጋዎቹ ስላልተለኩ የሚገዛው መጠን አልታወቀም።
ውሳኔ 7.1፦ 40ውም አልጋዎች በሽቦ ይሸፈናሉ። ግዢው በ3 ፕሮፎርማ ይወዳደራል። ዋጋው ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈ ወ/ሮ ዘ. ሳይገዙ ለሰብሳቢው ያቀርባሉ።
ሥራ 7.1.1፦ አቶ ከ. እያንዳንዱን አልጋ ለክተው የጥቅሉን ቁጥር በጽሑፍ ለወ/ሮ ዘ. ይሰጣሉ። ረቡዕ፣ መስከረም 14።
ሥራ 7.1.2፦ ወ/ሮ ዘ. ከ3 ሱቅ የታሸገ ፕሮፎርማ ያመጣሉ። ሰኞ፣ መስከረም 19።
ሥራ 7.1.3፦ አቶ መ. ኮሚቴውን ሰብስበው አሸናፊውን በፊርማ ያጸድቃሉ። ማክሰኞ፣ መስከረም 20።
ሥራ 7.1.4፦ ወ/ሮ ዘ. ሽቦውን ገዝተው ለወ/ት ሐ. ያስረክባሉ። ማስረጃው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ነው። ዓርብ፣ መስከረም 23።
ሥራ 7.1.5፦ አቶ ተ. 20 አልጋ ገጥመው ለአቶ ከ. ያሳያሉ። ዓርብ፣ መስከረም 30። ቀሪውን 20 ደግሞ ረቡዕ፣ ጥቅምት 5።
ተነቦ፣ ለአቶ ተ. በኦሮምኛ ተነግሮ፣ ሁሉም ቀናቸውን ተቀብለዋል።
ቀጣይ ስብሰባ፦ ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን፣ ከቀኑ 8፡00። የመጀመሪያው አጀንዳ እነዚህ ሥራዎች ናቸው።

የተፈቀደው ጣሪያ በዋናው ላይ በአኃዝና በፊደል ተጽፏል፤ እዚህ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ቀኖቹን ያወጣነው ከኋላ ወደ ፊት ቆጥረን ነው። ቡናው ጥቅምት 10 ይገባል፤ 5 ቀን መጠባበቂያ ተውንና ጥቅምት 5 ላይ ቆምን። አቶ ተ. በቀን 4 አልጋ እንገጥማለን ስላሉ ወደ ኋላ ሄደን መስከረም 23 ላይ ደረስን። እያንዳንዱ ሥራ መጨረሻው የሚታይ ነገር እንዲሆንም ተጠነቀቅን፦ ቁጥር ያለበት ወረቀት፣ ፕሮፎርማ፣ ፊርማ፣ ደረሰኝ፣ የተገጠመ አልጋ። ክትትል ማድረግ የሚል ቃል አላስገባሁም። ክትትል ማለቁ የሚታወቅበት ምልክት የለውምና።

የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ፕሮፎርማው መስከረም 17 ይል ነበር። በ24 ላይ አስተባባሪዋ፣ እኚያ በሁለት ስም የተከራከሩት፣ 17 መስቀል እንደሆነና ሱቅ እንደማይከፈት ነገሩን። ስድስት ሰው ተቀምጦ ማንም አላየውም! አሮጌውን ቀን በፍሉድ እንዳላጠፋው የሒሳብ ባለሙያዋ አስጠነቀቁኝ። በአንድ መስመር ሰርዤ፣ 19 ብዬ ጎኑ ጻፍኩ፤ ወ/ሮ ዘ. እና ሰብሳቢው አጠገቡ ፈረሙ። ከላይ ያለው የታረመው ነው።

አቶ ከ. በቀናቸው ለኩ። 34ቱ አልጋዎች 10 ሜትር ወይም ትንሽ ያነሱ ናቸው። 6ቱ ግን 10 ሜትር ከ30 ወጡ። ለ34ቱ 11 ጥቅል 33ቱን ያለብሳል፤ አንድ ይቀራል። እሱና 6ቱ ረጃጅሞቹ ሁለት ሁለት ሆነው 4 ጥቅል ይወስዳሉ። ድምሩ 15 ነው። በፕላኑ ብንገዛ 14 ገዝተን በአንድ ጥቅል አጥረን፣ ጥቅምት ላይ እንደገና ፕሮፎርማ እንለቅም ነበር። ይህን ስጽፍ ሽቦው ገብቷል፤ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ነው። መግጠሙ ተጀምሯል።

የመጨረሻው መልስ 25 ትናንት ማታ መጣ። የጠየቀችው ልጅ እሷም ጸሐፊ ናት። አንድ ሥራ በስሙ የተጻፈለት ሰው መሀል ላይ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር፣ ሥራው ለተተኪው በራሱ ይተላለፋል ወይስ ስብሰባ ተጠርቶ እንደገና ይሰጣል? ባለውኃው ሰው እስካሁን አልመለሱላትም። እኛ ጋም ወ/ት ሐ. ዝውውር ጠይቃለች። የጥቅምት 7ቱ አጀንዳ ላይ ሁለተኛ አድርጌ ጽፌዋለሁ።